ሳፋሪኮምን ግዙ ብዬ የጻፍኳቸው አራት ገጾች

ናይሮቢ የምሠራበት ቢሮ ትንሽ ነው። የአንድ ቤተሰብና የጥቂት ወዳጆቹን ገንዘብ ያስተዳድራል። አምስት ሰዎች ያሉበት የኢንቨስትመንት ኮሚቴ አለው። አንድ አክሲዮን ይገዛ የሚል ሠራተኛ አራት ገጽ ጽፎ ፊታቸው ይቀርባል፤ ከአራት ገጽ አይበልጥም። አንደኛው ገጽ ለምን እንደምንገዛ ነው። ሁለተኛው ምን ሊያበላሸው እንደሚችል፣ ሦስተኛው አክሲዮኑ በእውነት ስንት እንደሚያወጣ፣ አራተኛው ደግሞ መቼ እንደምንሸጠው። እውነቱን ለመናገር ያን አራተኛ ገጽ ሁሌም መጨረሻ ላይ ነው የምጽፈው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ፣ ዓይኔ እየተዘጋ፣ ለሥርዓቱ ያህል።

በግንቦት 2024 ይዤ የቀረብኩት ሳፋሪኮምን ነበር። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የገበያው ቁጥሮች የሚገኙት እንደዚያ ስለሆነ።) አሁን ብዙ ነገር ካለፈ በኋላ መልሼ ሳነበው ትክክል ያልኩትና የተሳሳትኩት ነገር ከጠበቅኩት ቦታ ላይ አይደለም ያለው። ስለዚህ ልንገራችሁ። ግዙም ሽጡም እያልኩ አይደለም።

መጀመሪያ የገጽ አንድን ሐሳብ። ሳፋሪኮም ናይሮቢ ገበያ ላይ የተመዘገበች ትልቋ ድርጅት ናት። በ2008 ለሕዝብ ስትሸጥ አንዱ አክሲዮን 5 ሽልንግ ነበር። በ2021 ከ40 ሽልንግ በላይ ወጣ። በዚያው ዓመት ከአጋሮቿ ጋር ሆና የኢትዮጵያን የቴሌኮም ፈቃድ በ850 ሚሊዮን ዶላር አሸነፈች። ከዚያ በኋላ ዋጋው ወረደ፣ ወረደ፣ በ2023 መጨረሻ ከ15 በታች ገባ። እኔ ስጽፍ ትንሽ አገግሞ 17 አካባቢ ይንከባለል ነበር።

የኔ ክርክር ቀላል ነበር። ይቺ ድርጅት ሁለት ነገር ናት። አንዱ ኬንያ ነው፤ ገንዘብ የሚያትም ማሽን። ሌላው ኢትዮጵያ ነው፤ ገንዘብ የሚበላ ሕፃን። በመጋቢት 2024 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት የኬንያው ክፍል ብቻውን ወደ 85 ቢሊዮን ሽልንግ አተረፈ። የኢትዮጵያ ኪሳራ ሲቀነስ ለባለአክሲዮኖች የደረሰው 63 ቢሊዮን ነው። አክሲዮኖቹ ወደ 40 ቢሊዮን ስለሆኑ፣ አንዱ አክሲዮን ከኬንያ 2.11 ሽልንግ ያገኛል፣ ከዚያ ላይ ኢትዮጵያ ሃምሳ ሳንቲም ያህል ትወስድበታለች። በ17 ሽልንግ የገዛ ሰው የኬንያን ትርፍ በስምንት እጥፍ ገዛ ማለት ነው። እንዲህ ላለ ማሽን አሥር እጥፍ ቢከፈል አይበዛም አልኩ። አሥር እጥፉ 21 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ገበያው ለኢትዮጵያ የሰጣት ዋጋ ከዜሮ በታች ነው፤ አራት ሽልንግ ዕዳ አድርጎ ነው የቆጠራት። 120 ሚሊዮን ሕዝብ ያለባት አገር ዕዳ ብቻ ልትሆን አትችልም ብዬ ደመደምኩ።

ኬንያን ማሽን ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ከቢሯችን በር ላይ ያለው ጥበቃ ምሳውን የሚበላው ማዶ ካለችው የቻፓቲና የባቄላ ሻጭ ነው። ስልኩን አውጥቶ ይነካካል፤ የሷ ስልክ ጢው ይላል፤ ጎንበስ ብላ መልእክቷን ታነባለች፤ ከዚያ ነው ሳህኑን የምታቀብለው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ አላየሁም። እንዲህ ያለችው ትንሽ ክፍያ ለሳፋሪኮም ብዙም አታመጣም። ሴትዮዋ ግን ማታ 1,000 ሽልንግ ከወኪል ጥሬ ገንዘብ ላውጣ ብትል 29 ሽልንግ ይቆረጥባታል። ይሄ በስልክ ገንዘብ የሚተላለፍበት ኤም-ፔሳ በ2007 የተጀመረ ነገር ነው። በዚያ የሒሳብ ዓመት ብቻ ወደ 140 ቢሊዮን ሽልንግ ገቢ አስገባ፤ ካለፈው ዓመት ወደ 19 በመቶ አድጎ። የድምፅ ጥሪ ገቢ ቆሞ ሲያዘግም ድርጅቷን የሚጎትታት ይሄ ነው።

ገጽ ሁለት ላይ ሥጋቶቹን ጻፍኩ። ታክስ አለ፤ የኬንያ መንግሥት በ2023 በገንዘብ ማስተላለፊያ ክፍያ ላይ ያለውን ኤክሳይዝ ከ12 ወደ 15 በመቶ አሳድጎ ነበር፣ ያኔ በግንቦት የወጣው የፋይናንስ ረቂቅ ደግሞ ወደ 20 ሊያደርሰው ነው። ቴሌብር አለ፤ ኤም-ፔሳ ኢትዮጵያ በ2023 ሲገባ ቴሌብር ሁለት ዓመት ቀድሞት ነበር። ብር አለ። ስለ ብር የጻፍኩት አንድ አንቀጽ ነው። «ምንዛሬው ሊስተካከል ይችላል» አልኩ። እዩት፣ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጥቁር ገበያው ከባንኩ እጥፍ በሆነበት ጊዜ፣ «ሊስተካከል ይችላል»!

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ሻይ በወተትና ማንዳዚ እየቀረበ። ሰብሳቢዋን ሁላችንም ማማ ነው የምንላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሲመረምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ሌላው የሚፈራው ሰው ምዜ ነው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪው ሽማግሌን በአክብሮት የሚጠራበት ቃል ነው። ባንክ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቦንድ ብቻ የሚወዱ፣ አክሲዮንን እንደ ቁማር የሚያዩ ሰው።

ማማ ወረቀቴን በእርሳስ እያሰመሩ ጨረሱና ቀና አሉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ። እንድንገዛ የፈለግከው ድርጅቷን ነው ወይስ አገርህን?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። «ድርጅቷን ነው፣ ማማ» አልኩ።

«እንግዲያው ከኢትዮጵያ ምንም ባይገኝ ስንት ታወጣለች? ነጻ ነው አትበለኝ። በየዓመቱ ሃምሳ ሳንቲም የሚያስከፍል ነገር ነጻ አይባልም።»

ልክ ናቸው። የኔ ስሌት የኬንያን ትርፍ በአሥር አብዝቶ ያቆማል፤ ሕፃኑ እስኪያድግ የሚበላውን ወተት አያስብም። እዚያው ላፕቶፔን ከፍቼ አብረን ሠራነው። ኬንያ በዓመት 8 በመቶ ብታድግ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ለአንድ አክሲዮን ወደ 2.66 ሽልንግ ታተርፋለች። አሥር እጥፍ ይቅር፣ ዘጠኝ እናድርገው፤ ወደ 24 ሽልንግ ይመጣል። የሦስት ዓመት የኢትዮጵያ ወተት አንድ ተኩል ይቀነስ። 22 ከምናምን ቀረ። በየዓመቱ የሚከፈለው የትርፍ ድርሻ 1.20 ስለነበር በሦስት ዓመት 3.60 ይጨመር። ድምሩ 26 ሽልንግ። 17 አስገብተህ ከሦስት ዓመት በኋላ 26። በዓመት 15 በመቶ ያህል ማለት ነው። ደረቴን ነፋሁ።

ምዜ እስካሁን ማንዳዚ እየበሉ ነበር። እጃቸውን በናፕኪን ጠረጉ።

«በየካቲት የመሠረተ ልማት ቦንድ ገዝተናል፣ ታስታውሳለህ?»

ረስቼው አላውቅም። የኬንያ መንግሥት በየካቲት 2024 ያወጣው ቦንድ 18.46 በመቶ ይከፍላል፣ ያውም ከግብር ነጻ። ምዜ የኪስ ማስሊያቸውን አወጡ፤ ቁልፎቹ የተፋቁ፣ ጀርባው በፕላስተር የታሰረ። 17 ሽልንግ በ18.46 በመቶ ሦስት ዓመት ቢወልድ 28 ሽልንግ ይሆናል። ማስሊያውን ወደኔ አዞሩት። ግብር የለበትም። ቴሌብር የለበትም። ብርም የለበትም።

ቦንዱ ከየካቲት ወዲህ ዋጋው ወጥቶ አሁን ለሚገዛው ያን ያህል አይከፍልም ብዬ ተከራከርኩ። «እሺ፣ 17 በመቶ አድርገው» አሉ። 27 ሽልንግ መጣ። አሁንም የኔን 26 ይበልጣል።

ይሄን ከዚያ በፊትም አውቀው ነበር፣ በመጽሐፍ። የአንድ አክሲዮን ዋጋ ብቻውን ርካሽ ወይም ውድ አይባልም፤ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ብታስቀምጠው ከምታገኘው ጋር ነው የሚመዘነው። «ስምንት እጥፍ ርካሽ ነው» ስል ከአሜሪካ ገበያ ልማድ የወሰድኩትን መለኪያ ናይሮቢ ላይ አምጥቼ መዘርጋቴ ነበር። መንግሥት 17 በሚከፍልበት አገር ስምንት እጥፍ ርካሽ አይደለም፤ እንደውም ትክክለኛ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ገበያው ኢትዮጵያን ዕዳ አድርጎ የቆጠራት መስሎኝ ነበር። ምናልባት ዋጋውን የጫነው የመንግሥት ወለድ ነበር።

ግን አልጣሉትም። ማማ ስሌቱን ወደኋላ እንድሠራው ነገሩኝ። ሦስት ዓመት ቆይቶ 26 የሚሆን ነገር ከምዜ ቦንድ እኩል እንዲሆን ዛሬ በስንት መገዛት አለበት? 15 ተኩል አካባቢ። «እንግዲያው በ15 ተኩል ወይም ከዚያ በታች ከመጣ እንገዛለን። ካልመጣ ቀረ።» ተፈጸመ ብዬ ወረቀቴን ልሰበስብ ስል፣ «አራተኛው ገጽስ?» አሉኝ።

አራተኛው ገጽ ላይ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የጻፍኩት ዋና ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር፦ የኢትዮጵያ ኪሳራ ካለፈው ዓመት ከበለጠ እንሸጣለን። ጥሩ ይመስላል አይደል? ግልጽ ነው፣ ቁጥር አለው፣ ማመካኛ አይሰጥም። ማማ ዓረፍተ ነገሩን በእርሳሳቸው ከበቡት።

«የትኛው ኪሳራ?»

አልገባኝም።

«ብሩ ቢወድቅ፣ በዶላር ያለባቸው ዕዳ በአንድ ሌሊት በብር ያብጣል። ለዕቃ አቅራቢ የሚከፈለውም፣ የኪራዩም። ያ እብጠት በዚያው ዓመት ኪሳራ ተብሎ ይጻፋል። ግን በዚያ ቀን ከናይሮቢ አንድ ሽልንግ አልወጣም። አንተ በዚያ ቀን ትሸጣለህ። ሁሉም ሰው በሚሸጥበት ቀን።»

ይሄን ሲሉ ገና ግንቦት ነው፤ ብር በባንክ ወደ 57 ነበር። እኔ የአገሩ ልጅ አንድ አንቀጽ ሰጥቼው ያለፍኩትን እሳቸው አይተው ጨርሰዋል። ግን እንዲሁ ወረቀት ላይ ያለ ኪሳራ ነው ብለውም አልናቁት። ብር ሲወድቅ ደንበኛው በብር የሚከፍለው ወደ ሽልንግ ሲመነዘር ያንሳል፤ ያ እውነተኛ ነው። ከውጭ የሚገዛው ማማና መሣሪያ ግን ዋጋው በዶላር እንዳለ ነው። (ማማ ስል የኔትወርኩን ማለቴ ነው፣ ሰብሳቢያችንን አይደለም።) ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የሒሳብ መዝገቡ ስንት ከሰረ ሳይሆን ጉድጓዱን ለመሙላት ከናይሮቢ ስንት ጥሬ ገንዘብ መሄድ አለበት የሚለው ነው። ሳፋሪኮም ከኢትዮጵያው ድርጅት የያዘችው ከግማሽ ትንሽ በላይ ነው፤ ሌሎቹ ባለድርሻዎች እጃቸውን ካጠፉ ደግሞ የሷ ሸክም ይከብዳል።

ያን ጠዋት ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ቀየርነው። እናትየዋ ድርጅት ውጤት ስታሳውቅ እልካለሁ ካለችው በላይ ካፒታል ወደ ኢትዮጵያ ከላከች፣ ወይም ለዚያ ብላ የትርፍ ድርሻውን ከ1.20 በታች ካወረደች፣ ሁሉንም እንሸጣለን። የኬንያው ክፍልም የራሱ መስመር ተጻፈለት፤ የኤም-ፔሳ ገቢ ዕድገት ሁለት ግማሽ ዓመት በተከታታይ ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ማሽኑ አርጅቷል፣ እንወጣለን። የመጨረሻው የዋጋ ነበር። ዋጋው የኬንያ ትርፍ አሥራ አንድ እጥፍ ከደረሰ ግማሹን እንሸጣለን። ይሄኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አልከበበውም። ሻዩም ቀዝቅዞ ነበር።

ከዚያ ሰኔ መጣ። በታክሱ የተነሳ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ ሰኔ 25 ፓርላማው ተጥሶ ተገባ፣ ሰው ሞተ። ቢሮው ቀድሞ ተዘጋ፤ እኔም ቤቴ ተቀምጬ ጭስ በመስኮት አየሁ። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ። ወደ 20 ሊወጣ የነበረው ኤክሳይዝ በዚያው ቀረ። ገጽ ሁለት ላይ አንደኛ ያደረግኩት ሥጋት እንዲህ ሆኖ ያልፋል ብሎ ማን ይገምታል። በስንት ሰው ሕይወት።

ሐምሌ 29 ጠዋት ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ። «ሰማህ? ብር ለቀቁት።» ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ተወው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን ተሻገረ። እኔ ያሰብኩት ስለ እናቴ የዘይት ዋጋ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነው ስለ አራተኛው ገጽ ትዝ ያለኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ እንዳለ ቢቀር ኖሮ እያልኩ።

አክሲዮኑ በዚያ ወራት ወደ 15 ተኩል ወረደ፣ ከዚያም በታች። የግዢ ትእዛዛችን ተፈጸመ። ኅዳር ላይ የግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲወጣ ለባለአክሲዮኖች የደረሰው ትርፍ ከ17 በመቶ በላይ ቀንሶ ነበር፤ ምክንያቱ ብር ነው። ጋዜጦቹ በትልቁ ጻፉት። የደንበኞቻችን ልጅ አንዱ፣ ለንደን የሚኖር፣ «ይሄን ነገር ለምን ገዛችሁ?» ብሎ ኢሜይል ላከ። ወረቀቱን ይዘን ተቀመጥን። ከተባለው በላይ ካፒታል ተልኳል? አልተላከም። የትርፍ ድርሻው ተነካ? አልተነካም። ኤም-ፔሳስ? እያደገ ነው። ስብሰባው አጭር ነበር። ምዜ ማንዳዚያቸውን እንኳ አልጨረሱም።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። የወንድሜ ስልክ ሁለት ሲም ነው፤ ኢንተርኔቱ በሳፋሪኮም፣ ገንዘቡ በቴሌብር። የሰፈሩን ሱቅ ጠየቅኩት። «ኤም-ፔሳ አለኝ፣ ቦነስ ሲሰጡ ከፍቼ ነው። ሰው የሚልክልኝ ግን በቴሌብር ነው፤ ነዳጁም መብራቱም እዚያ ነው» አለኝ። ይሄ ሁለት ደቂቃ ወሬ ከገጽ ሁለቴ ይበልጣል። ኬንያ ላይ ሳፋሪኮምን ማሽን ያደረጋት ቀድማ መገኘቷ ነው፤ ሁሉም ሰው እዚያ ስላለ ሁሉም ሰው እዚያ ይመጣል። ኢትዮጵያ ላይ ያን ቦታ የያዘው ሌላ ነው። ስለዚህ ስመለስ ከኢትዮጵያው ተስፋ ላይ የኤም-ፔሳውን ድርሻ ቀነስኩ፣ ዳታውን ተውኩ። ማማ ይሄን ሲሰሙ «አሁን ገና አገርህን ትተህ ድርጅቷን አየህ» አሉ። ትንሽ አሳመመኝ፣ እውነት ስለሆነ።

በግንቦት 2025 ዓመታዊው ውጤት ወጣ። የኬንያ ትርፍ ወደ 95 ቢሊዮን ተኩል አደገ። ኤም-ፔሳ 15 በመቶ ጨመረ። የትርፍ ድርሻው ያው 1.20 ነው። የኢትዮጵያ ኪሳራ ግን ካለፈው ዓመት በልጦ ነበር፤ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ ቢሆን ኅዳር ላይ በ15 ምናምን ሸጠን ወጥተን ነበር ማለት ነው። ለንደን ላለው ልጅ ይሄን ጻፍኩለት። ትንሽ ደስ እያለኝም ነበር፣ አልዋሽም።

ዋጋው ወጣ። 20 አለፈ። ክረምት ላይ 26ን ተሻገረ። የኬንያ ትርፍ ለአንድ አክሲዮን 2.38 ሆኖ ስለነበር አሥራ አንድ እጥፉ 26.20 ነው። ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው ግማሹን ሸጥን። በ15 ገዝቶ በ26 መሸጥ፣ በአንድ ዓመት። ያን ቀን ምሳ የጋበዙት ምዜ ናቸው፣ ያ ራሱ ዜና ነው።

ታኅሣሥ ላይ የደቡብ አፍሪካው የቴሌኮም ድርጅት ቮዳኮም የሳፋሪኮምን 15 በመቶ ድርሻ ከኬንያ መንግሥት፣ አንዱን አክሲዮን በ34 ሽልንግ፣ ሊገዛ መስማማቱን አስታወቀ።

34ቱ ለመንግሥት እንጂ ለኛ የቀረበ ዋጋ አልነበረም፤ ቢሆንም ሆድ ይቆርጣል። በማግስቱ ብቻዬን ተቀምጬ አራተኛውን ገጽ አወጣሁ። የቮዳኮምን መምጣት ማወቅ አልችልም ነበር፤ በዚያ ራሴን አልወቅስም። የወቀስኩት በሌላ ነው። አሥራ አንድ እጥፍ የሚለውን ቁጥር ስጽፍ የአንድ ዓመት የግምጃ ቤት ሰነድ ከ16 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር። ስንሸጥ ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። ማዕከላዊ ባንኩ ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ወለዱን ደጋግሞ ሲቀንስ እኮ እኔ ራሴ በየጊዜው ለኮሚቴው ሪፖርት አደርግ ነበር!

እስቲ አብራችሁኝ አስሉት። በግንቦት 2024 በ17 ሽልንግ የተገዛ አክሲዮን ከኬንያ ብቻ 2.11 ያተርፋል፤ 12 በመቶ ከምናምን ነው። የመንግሥት ሰነዱ ከ16 በላይ። አክሲዮኑ በአራት ነጥብ ያንሳል። በ2025 ክረምት በ26.20 ያለው አክሲዮን 2.38 ያተርፋል፤ 9 በመቶ ነው። የመንግሥት ሰነዱ ግን አሁን ከ10 በታች ነው፤ ልዩነቱ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም። በምዜ ማስሊያ ከሄድን፣ በ26 የነበረው አክሲዮን ከቦንድ ጋር ሲነጻጸር በ17 ከነበረው ይልቅ ርካሽ ነበር። እኔ ውድ ሆነ ብዬ ሸጥኩት። የግዢውን ዋጋ በወለድ መዝነን፣ የሽያጩን ዋጋ ያለ ሚዛን ጻፍነው። ያውም በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ወረቀት ላይ።

ማክሰኞ ይሄን አቀረብኩ። ምዜ ዝም ብለው ሰሙኝና «ሦስተኛውን መስመር ያን ቀን አላነበብኩትም። ለቦንዴ ስከራከር ደክሞኝ ነበር» አሉ። ማማ የቀረውን ግማሽ መቼ እንደምንሸጥ እንደገና እንድጽፍ አዘዙኝ። አሁን የተጻፈው ቁጥር ሳይሆን ልዩነት ነው፤ የኬንያ ትርፍ በአክሲዮኑ ዋጋ ሲካፈል ከአንድ ዓመቱ ሰነድ በአራት ነጥብ ካነሰ እንሸጣለን። ምዜ ሦስት ይሁን ይላሉ። ማማ ደግሞ ወለዱ ተመልሶ ወደ 16 ቢወጣ በዚህ መስመር መሠረት አክሲዮኑ ምንም ሳይሆን እንድንሸጥ እንገደዳለን ወይ ብለው ጠየቁ። አዎ፣ እንገደዳለን። ልክ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ላይ ገና አልተስማማንም። ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ መስመሩ በእርሳስ ተከቧል።